በብር ይቆረጥ ወይስ በዶላር? ፖስ ማሽኑ የሚያቀርበው ምርጫና ሁለቱ ተመኖች

ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ ያለችው ሱሉልታ፣ ለከፍታዋና ለቀዝቃዛ አየሯ ሲሉ ከውጭ የሚመጡ ሯጮች ሳምንታት ሰንብተው የሚለማመዱባት ከተማ ናት። ዘመድ ጥየቃ የመጣ የዲያስፖራ ሰውም የመሐል ከተማውን ግርግር ሸሽቶ እዚያው የሚያርፍበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው እንግዳ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው በውጭ ካርድ ነው። ካሸሯ ሂሳቡን በብር ፖስ ማሽኑ ላይ ትመታለች፤ ካርዱ ይገባል። ማሽኑ ግን የሚስጥር ቁጥር ከመጠየቁ በፊት አንድ ጥያቄ ሊያነሳ ይችላል፦ በብር ይቆረጥ ወይስ በካርዱ ገንዘብ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ዶላር ለለመደ ሰው በዶላር የተጻፈው ቁጥር ቶሎ ስለሚገባው ጣቱ ወደዚያ ይሄዳል፤ ወይም ወረፋው የረዘመባት ካሸር ራሷ አረንጓዴውን ቁልፍ ትጫንለታለች። በዚያች ቅጽበት የተወሰነው ግን የሂሳቡ አጻጻፍ አይደለም፤ ብሩን ወደ ዶላር የሚመነዝረው ማን እንደሆነና በስንት እንደሚመነዝረው ነው።

ብሩን እዚያው ማሽኑ ላይ ወደ ካርዱ ገንዘብ የሚመነዝረው አገልግሎት በባንክ ሰዎች ዘንድ ዲሲሲ ይባላል። ሁሉም ፖስ ማሽን ላይ የለም፤ የማሽኑ ባለቤት የሆነው ባንክ ከፍቶት ከሆነ ብቻ ነው ገጹ የሚመጣው። በአገር ውስጥ ባንክ የብር ካርድ የሚከፍል ሰው ፈጽሞ አያየውም፤ የሚመነዘር ነገር የለምና።

ማሽኑ የዶላር ካርድ መሆኑን እንዴት ያውቃል?

የካርዱ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ 6 ወይም 8 አሃዞች ካርዱን የሰጠውን ባንክ ይናገራሉ። የማሽኑ ባንክ እነዚህን አሃዞች ከካርዱ መገበያያ ገንዘብ ጋር የሚያዛምድ ሰንጠረዥ አለው። ካርዱ እንደተነበበ ሰንጠረዡ ይታያል፤ «የአሜሪካ ዶላር» የሚል መልስ ከመጣና ዶላር አገልግሎቱ ከሚያስተናግዳቸው ገንዘቦች አንዱ ከሆነ፣ የዕለቱ ተመን ተሰልቶ ምርጫው ይቀርባል።

ይህ አሠራር አንድ ድክመት አለው። ሰንጠረዡ የሚያውቀው ካርዱ የተመዘገበበትን ገንዘብ ብቻ ነው፤ ካርዱ ጀርባ ባለው ሂሳብ ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። ዛሬ ዛሬ በአንድ ካርድ ፓውንድም ዶላርም የሚይዙ ብዙ ሰዎች አሉ። ካርዱ በፓውንድ ተመዝግቦ በውስጡ ያለው ዶላር ከሆነ፣ በፓውንድ ይቆረጥ ያለ እንግዳ ሁለት ጊዜ ይመነዘርበታል፦ አንዴ ማሽኑ ላይ ከብር ወደ ፓውንድ፣ አንዴ ደግሞ ባንኩ ውስጥ ከዶላር ወደ ፓውንድ።

አንድ ሂሳብ፣ ሁለት መንገድ

ነገሩን በቁጥር እንየው። እንግዳው 10 ሌሊት አድሯል፤ የአንዱ ሌሊት ዋጋ 2,500 ብር ነው። ድምሩ 25,000፣ ከ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር 28,750 ብር ይሆናል። ለስሌት እንዲመች ብቻ የካርድ ድርጅቱ የዕለቱ ተመን 1 ዶላር በ150 ብር ነው እንበል፤ ዲሲሲው ደግሞ 5 በመቶ ይይዛል እንበል። የማሽኑ ገጽ ይህን ይመስላል፦

```
AMOUNT  ETB 28,750.00
1  USD 201.75
2  ETB 28,750.00
RATE  1 ETB = 0.0070175 USD
MARKUP  5.00%
```

እንግዳው 2ን ከተጫነ ጥያቄው ወደ ባንኩ የሚሄደው በብር ነው። 28,750 ብር በቪዛ ወይም በማስተርካርድ በኩል ያልፋል፤ ወደ ዶላር የሚለውጠው ያ የካርድ ድርጅት በራሱ ተመን ነው። 28,750ን ለ150 ስናካፍል 191.67 ዶላር ይመጣል። ካርዱን የሰጠው ባንክ «የውጭ አገር ግብይት» ብሎ የሚያስከፍለው ካለ በዚህ ላይ ይጨመራል። ክፍያው ከካርድ ካርድ ይለያያል፤ ለመንገደኛ ተብለው የተዘጋጁ ብዙ ካርዶች ምንም አያስከፍሉም፣ ሌሎቹ 3 በመቶ ድረስ ይወስዳሉ። 3 በመቶ ቢሆን ድምሩ 197.42 ዶላር ነው።

1ን ከተጫነ ግን ምንዛሪው እዚያው ማሽኑ ላይ ያልቃል። ለካርድ ድርጅቱ የሚደርሰው «201.75 ዶላር» የሚል ጥያቄ ነው፤ ለእሱ የሚመነዘር አልቀረለትም፣ የራሱ ተመንም ሥራ የለውም። ያለ ባንክ ክፍያ ከ191.67 ጋር ስናነጻጽረው ልዩነቱ 10 ዶላር ከ8 ሳንቲም ነው። 3 በመቶ ከሚያስከፍል ካርድ ጋር ስናነጻጽረውም ዲሲሲው በ4 ዶላር ከ33 ሳንቲም ይበልጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «በዶላር ከተቆረጠ ባንኬ የውጭ ክፍያ አይጨምርብኝም» የሚለው ግምት ሁልጊዜ አይሠራም። አንዳንድ ባንኮች ክፍያውን የሚጥሉት ገንዘቡ ስለተመነዘረ ሳይሆን ሻጩ ሌላ አገር ስላለ ነው። የእንግዳው ባንክ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ 201.75 ላይ 3 በመቶ ይደመርና 207.80 ይሆናል። ለአንድ አልጋ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው፤ አንዴ ለማሽኑ ምንዛሪ፣ አንዴ ለባንኩ።

ዲሲሲ የሚያዋጣበት ጊዜም አለ፣ መደበቅ አያስፈልግም። ባንኩ 3 በመቶ የሚያስከፍለው ለምንዛሪ ብቻ ከሆነና ማሽኑ ላይ የተጨመረው 2 በመቶ ብቻ ከሆነ፣ በ147 ብር ተመን 195.58 ዶላር ይመጣል። ይህ ከ197.42 ያንሳል። እንግዲህ ሁለት ቁጥር የሚያውቅ ሰው መልሱን በቀላሉ ያገኛል፦ ማሽኑ ላይ ስንት በመቶ ተጨመረ? የራሴ ባንክስ በዶላር ሲቆረጥ የሚተወው ስንት በመቶ ነው? የመጀመሪያው ከሁለተኛው ካነሰ ዲሲሲ ይረክሳል። በተግባር ግን እንዲያ የሚያንስበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ገጹን ማንበብ

ከላይ ባለው ገጽ ላይ በጣም የሚያሳስተው አራተኛው መስመር ነው። 0.0070175 የሚለውን ቁጥር አይቶ ውድ ነው ርካሽ ነው የሚል ሰው የለም። የካርድ ድርጅቱ ተመን በዚሁ አጻጻፍ ቢቀመጥ 0.0066667 ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀርቡ እንኳ ዓይን ለይቶ አይደነግጥም፤ ከዜሮዎቹ ኋላ የተሸሸገች ልዩነት ናት። ገልብጠን «1 ዶላር በ142.50 ብር» ብንጽፈው ግን ማንም ይነቃል፤ የዕለቱን ተመን በግምት የማያውቅ እንግዳ የለምና።

መፍትሔው ስልክ ላይ ባለው ካልኩሌተር የብሩን ድምር ለዶላሩ ድምር ማካፈል ነው። 28,750 ሲካፈል ለ201.75 የሚሰጠው 142.50 ነው። ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን ለእንግዳው ይጎዳል፤ አንዱ ዶላሩ የሚከፍለው ብር አነሰ ማለት ነውና።

MARKUP የሚለው መስመርም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። በእኛ ምሳሌ 5 በመቶው የተቀነሰው ከብሩ ተመን ላይ ነው፤ 150 ወደ 142.50 ወረደ። እንግዳው ከኪሱ ያወጣው ዶላር ግን በ5 ሳይሆን በ5.26 በመቶ ነው የጨመረው። ሌላው ጥያቄ ደግሞ «5 በመቶ ከምን በላይ?» የሚለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በሕግ ቁጥር 2019/518፣ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 19 ቀን 2020 ጀምሮ፣ በኅብረቱ ገንዘቦች መካከል ለሚደረግ እንዲህ ያለ ምንዛሪ ጭማሪው ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን ጋር ተነጻጽሮ በመቶኛ እንዲታይ አስገድዷል። ከዚያ ውጭ ግን መነሻው አገልግሎት ሰጪው ራሱ የመረጠው ተመን ሊሆን ይችላል። መነሻው ራሱ ዝቅ ያለ ከሆነ «5 በመቶ» የተባለው በተግባር 6 ወይም 7 ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ የተጻፈውን መቶኛ ከማመን ማካፈሉ ይሻላል።

የተገኘውን ቁጥር የምናነጻጽረው ከምን ጋር ነው? ቪዛም ማስተርካርድም በድረ ገጻቸው ላይ ለማንም ክፍት የሆነ የምንዛሪ ማስያ አላቸው፤ ቀኑን፣ ሁለቱን ገንዘቦችና የባንክዎን ክፍያ በመቶኛ ሲያስገቡ በዚያ መንገድ የሚቆረጠውን ይነግራል። ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ይሄ ነው። የባንክ ሰሌዳ ላይ ያለው የመግዣ ተመን ለግምት ይጠቅማል። የጥቁር ገበያው ዋጋ ግን እዚህ ቦታ የለውም። በብር ይቆረጥ ያለ ሰው በጥቁር ገበያ ተመን ይመነዘርልኛል ብሎ ከጠበቀ ተሳስቷል፤ ካርድ በየትኛውም መንገድ ቢሄድ ከመደበኛው ተመን አይወጣም። «ሁለቱም ያው ዘረፋ ነው» ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን የሚጫን ሰው የሚያጋጥመው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ተመኖቹ ለምን አይገናኙም?

ሁለት የተለያዩ ነጋዴዎች የሚያወጧቸው ሁለት ዋጋዎች ናቸው። የካርድ ድርጅቱ በየቀኑ እጅግ ብዙ ገንዘብ በጅምላ ይለዋውጣል፤ ተመኑም ከጅምላው ገበያ ብዙም አይርቅም። ትርፉን የሚያገኘው በዋናነት ከባንኮች ከሚሰበስበው ክፍያ ነው። ዲሲሲ የሚያቀርበው ድርጅት ግን የሚሸጠው ራሱን ምንዛሪውን ነው። ከመነሻ ተመን ይነሳል፣ ጭማሪውን ያክላል፤ ከጭማሪው የተወሰነው ለራሱ፣ የተወሰነው ለማሽኑ ባንክ፣ እንደ ውላቸው ደግሞ የተወሰነው ለሻጩ ይደርሳል። በእኛ ምሳሌ ያ ወደ 10 ዶላር የሚጠጋ ልዩነት የሚከፋፈለው በእነዚህ ሦስት መካከል ነው። የእንግዳው ባንክ ከዚህ ምንም አያገኝም፤ እንዲያውም ከምንዛሪ ሊያገኝ የሚችለው ክፍያ ሊቀርበት ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ዲሲሲ ተመኑን በዚያች ቅጽበት ይቆልፋል፤ ደረሰኙ ላይ 201.75 ከተባለ የእንግዳው ስልክ ላይም የሚመጣው 201.75 ነው። በብር የተቆረጠ ክፍያ ግን ከካርድ ድርጅቱ ዘንድ ደርሶ እስኪወራረድ አንድ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ተመኑም ያን ጊዜ የሚሠራው ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በስልክ የደረሰው ቁጥርና በመጨረሻ ከሂሳቡ የወጣው በጥቂት ሳንቲም የሚለያዩት ለዚህ ነው። ይህን አይተው «ካርዴ ተሰርቋል» ብለው ባንካቸው ጋ የሚደውሉ አሉ፤ ስርቆት አይደለም።

የዲሲሲ ማስታወቂያ የሚመካው በዚህ እርግጠኝነት ነው፦ «የሚቆረጥብዎትን አሁኑኑ ያውቁታል» ይላል። እውነት ነው። ጥያቄው እርግጠኝነቱ ስንት ያወጣል የሚለው ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ያኔ በአንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ የነበረው ተመን ሁለት እጥፍ አልፎ ሄዷል። የብር ጉዞ በአብዛኛው ወደ ታች በሆነበት ወቅት፣ ተመኑ ሁለት ቀን መዘግየቱ ዶላር ላለው ሰው ብዙውን ጊዜ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም። ተመኑ በሁለት ቀን ከ150 ወደ 150.60 ቢሄድ፣ ሂሳቡ ከ191.67 ወደ 190.90 ይወርዳል፤ 77 ሳንቲም ተረፈ ማለት ነው። በተቃራኒው እንግዳው በብር በመክፈሉ እንዲጸጸት ብር በሁለት ቀን ውስጥ 142.50 ድረስ መጠንከር አለበት። የዚያ ዓይነት መጠንከር በሁለት ቀን ይመጣል ብሎ 10 ዶላር የሚያስይዝ ሰው ካለ ይምረጠው። እኛ አናስይዝም።

ባንኮኒው ላይ የሚበላሸው

ማሽኑ ካሸሯ ፊት ነው ያለው፣ ገንዘቡ ግን የእንግዳው ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በተለይ ካርዱ በማስነካት ብቻ ሲነበብ እንግዳው ካርዱን ወዲያው ወደ ኪሱ ይመልሳል፣ ዓይኑም ወደ ሻንጣው ይዞራል፤ ገጹ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ካሸሯ አረንጓዴውን ከተጫነች ብዙ ማሽኖች መጀመሪያ ላይ የተጻፈውን ይወስዳሉ፤ ያ ደግሞ ዶላሩ ሊሆን ይችላል።

የካርድ ድርጅቶቹ ደንብ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ምርጫው የካርዱ ባለቤት ነው። ሻጩ ሁለቱንም መጠን፣ ተመኑንና ጭማሪውን ማሳየት አለበት፤ አንዱን ወገን የሚገፋ ንግግር አይፈቀድም፤ ሳይጠየቅ መጫንም አይፈቀድም። እንግዲህ ካሸሯ ማድረግ ያለባት ማሽኑን ማዞርና «ጌታዬ፣ በብር ይቆረጥ ወይስ በዶላር? ሁለቱም እዚህ ተጽፏል» ማለት ብቻ ነው። «በዶላር ይሻልዎታል» ማለት ደንብ መጣስ ነው፤ ከላይ እንዳየነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እውነትም አይደለም።

ከባንኮኒው ወዲያ ያለውን አንድ የተሳሳተ እምነት እዚህ ላይ ማንሳት ይገባል። አንዳንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች «በዶላር ሲቆረጥ ዶላር ይገባልናል» ብለው ያስባሉ። አይገባም። ዲሲሲ የሻጩን ሂሳብ አይለውጠውም። እንግዳው 1ን ተጫነ 2ን፣ ወደ ማረፊያው ሂሳብ የሚገባው 28,750 ብር ነው፣ የባንኩ ኮሚሽን ተቀንሶ። ለሻጩ ልዩነት ሊያመጣ የሚችለው በውሉ ላይ ከጭማሪው የሚደርሰው ድርሻ ካለ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ውሉን አውጥቶ ያንን መስመር ቢያየው ጥሩ ነው። ከ28,750 ብር ሂሳብ የምትገኘዋ ድርሻ፣ በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑን ይዞ ሊመለስ ይችል የነበረ አሠልጣኝ ቅር ተሰኝቶ ከሄደ ከሚቀረው ጋር ስትመዘን ምን ያህል ናት የሚለውን ራሱ ያስላው።

የከተማዋ ዳርቻ ሌላ ጣጣ አለው፤ ኔትወርክ። ማሽኑ በሲም ካርድ የሚሠራ ሲሆንና መስመሩ ሲቆራረጥ፣ የዕለቱን ተመን ማምጣት ካልቻለ ምርጫውን ሳያሳይ በብር ይቀጥላል። ያ ለእንግዳው ጥፋት የለውም። አስቸጋሪው ተመኑ መጥቶ፣ እንግዳው መርጦ፣ የሚስጥር ቁጥሩን አስገብቶ፣ መልስ ሳይመጣ መስመሩ ሲወድቅ ነው። ካሸሯ ደግማ ትሞክራለች፤ በሁለተኛው ሙከራ ጥያቄው እንደገና ይመጣል፤ በመጀመሪያው «ብር» ያለው እንግዳ በሁለተኛው በችኮላ ያልፈዋል። ስልኩ ላይ ሁለት መልእክት ሊደርሰው ይችላል፣ አንዱ በብር ሌላው በዶላር የተያዘ። ያልተጠናቀቀው ክፍያ በማሽኑ የተሰረዘ መሆኑን የሚያሳየው ወረቀት መውጣቱን ማየትና ይዞ መቆየት ያስፈልጋል፤ የተያዘው ገንዘብ እስኪለቀቅ ቀናት ሊወስድ ይችላል።

ስህተቱ የታወቀው እንግዳው ገና ባንኮኒው ላይ ሳለ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ደረሰኙ ላይ የጠቅላላው ድምር USD ከሆነና «ምርጫ ቀርቦልኝ በዶላር መርጫለሁ» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ከታች ካለ ዲሲሲ ተደርጓል። ማሽኑ የቀኑን ሂሳብ ዘግቶ ወደ ባንክ እስካልላከ ድረስ ክፍያውን መሰረዝ ይቻላል፤ ካሸሯ VOID የሚለውን መርጣ የደረሰኙን ቁጥር ታስገባለች፣ ከዚያ እንደ አዲስ በብር ትቆርጣለች። ሌላ ምንዛሪ አይነካውም።

ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ ግን ያለው መንገድ ተመላሽ ነው፤ ተመላሽ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። በእኛ ምሳሌ እንግዳው ከ10 ሌሊት ሁለቱን ሳያድር ቢሄድና 5,750 ብር ቢመለስለት፣ ለዚያ ክፍል በዲሲሲ የከፈለው 40.35 ዶላር ነበር። ተመላሹ በብር ከተላከ የካርድ ድርጅቱ በ150 መንዝሮ 38.33 ያስገባለታል፤ 2 ዶላር ከ2 ሳንቲም ጠፋ። ሙሉ ሂሳቡ ቢመለስ የሚጠፋው ያ ወደ 10 ዶላር የሚጠጋው ነው፣ አንድም ሌሊት ሳያድር። ስለዚህ በዶላር የተቆረጠ ክፍያ ሲመለስ በዶላርና በመጀመሪያው መጠን እንዲመለስ መጠየቅ፣ የተመላሹንም ደረሰኝ መያዝ ይገባል።

ሳይጠየቅ በዶላር የተቆረጠበትና ማረፊያውን ለቆ የሄደ እንግዳ ካርዱን ለሰጠው ባንክ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። ቪዛ ለዚህ የተለየ መደብ አለው፤ ቁጥሩ 12.3 ነው፣ የተሳሳተ መገበያያ ገንዘብ ማለት ነው። የሚያስፈልገው ሂሳቡ በብር የተጻፈበት የማረፊያው ደረሰኝና የፖስ ማሽኑ ወረቀት ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ፎቶ አንስቶ መያዝ ብዙ ንግግር ይቆጥባል። ማረፊያው በበኩሉ እንግዳው መምረጡን የሚያሳይ የተፈረመ ወረቀት ካላስቀመጠ ለመከራከር ይቸገራል።

አልጋ ሲያዝ ካርድ ላይ መያዣ የሚያደርጉ ማረፊያዎች ላይ ጥያቄው ሁለት ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ በመግቢያውና በመውጫው ቀን። በመግቢያው «ብር» ማለት በመውጫው ቀን አይጠቅምም፤ የመጨረሻው ሂሳብ ሲመታ እንደገና ገጹን ማየት ነው።

ከዚህ ወጥቶ ዱባይ

ተመሳሳዩ ጥያቄ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ተነስተው ዕቃ ሊያመጡ የሚሄዱ ነጋዴዎችንም ይጠብቃቸዋል። ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከገላን መጋዘን ተነስቶ በአገር ውስጥ ባንክ የተሰጠውን የዶላር ካርድ ይዞ ዱባይ የገባ ሰው፣ የሱቁ ማሽን «በድርሃም ወይስ በዶላር?» ይለዋል። እዚያ ማነጻጸር ከእኛ አገር ይልቅ ይቀላል፣ ምክንያቱም ድርሃም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1 ዶላር 3.6725 ላይ ታስሮ ነው ያለው። የ1,000 ድርሃም ዕቃ በዚህ ሂሳብ 272.29 ዶላር ነው። ማሽኑ 285 ካለው 12 ዶላር ከ71 ሳንቲም፣ ወይም 4.67 በመቶ ጨምሮበታል። ተመኑ በማይነቃነቅበት አገር «ተመን እንቆልፍልዎ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሻጩ ራሱ ቢጠየቅ የሚመልስ አይመስለንም።

ለእንዲህ ያለው ነጋዴ ጉዳቱ ከኪስ በላይ ነው። ካርዱ ላይ የሚጫነው ዶላር በመጠን የተገደበ ነው፤ በየግዢው 4 እና 5 በመቶ ከተቀነሰ ከ20 ካርቶን አንዱ ዱባይ ቀረ ማለት ነው። በኤቲኤምም ያው ነው፦ ማሽኑ ACCEPT CONVERSION እና DECLINE CONVERSION ብሎ ሲጠይቅ ሁለተኛውን መጫን ገንዘቡን አያስቀርም። የሚቀረው የኤቲኤሙ ምንዛሪ ብቻ ነው፤ ድርሃሙ ሙሉ ሆኖ ይወጣል።